ለልጄ ለረሕማ፣ በሠርግሽ ቀን

ቢስሚላሂ። ዳስ ውስጥ ያላችሁም ደጅ የቆማችሁም፣ እስቲ እጃችሁን ዘርጉልኝ። አሚን በሉ። አሚን ጄዻ።

ረሕማ ልጄ፣ ነይ ጠጋ በይ። ጀማል፣ አንተም ከጎኗ ሁን።

ከመመረቄ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ በ1962 ዓ.ም. ከወሎ ጅማ ሲገባ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቅም ነበር። ሂርማታ ገበያ ጨው ይሸጥ ጀመር። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ ስትታመም ጎረቤታችን በጀርባቸው አዝለው ከልጆቻቸው ጋር አበሉኝ። ሲርበኝ በኦሮምኛ አለቀስኩ፣ በኦሮምኛ አባበሉኝ። እኚያን ጎረቤታችንን ሃርሜ፣ እናቴ፣ እያልኩ ነው ያደግኩት። ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ እዚህ ፊት ለፊት ነበር የማስቀምጣቸው። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።

ስለዚህ በሁለቱም አፍ እመርቃለሁ። አንዱን ለሌላው አልተረጉምም። ወሎ የሰጠኝን በአማርኛ፣ ሃርሜ የሰጡኝን በኦሮምኛ።

ልጄ፣ ውለጂ ክበጂ።
አፈር ስትጨብጪ ወርቅ ይሁንልሽ።
ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አፍ ይሰውርሽ።
ቤትሽ የእንግዳ ማረፊያ ይሁን፣ ጀበናሽ አይንጠፍ።
የወለድሽው ይደግ፣ የዘራሽው ይብቀል።
ለእናትሽ እንደሆንሽላት፣ ልጅሽ ይሁንልሽ።
አሚን በሉ!

ኢንተለ ኮ፣ ኢልመ ኮ፣ ረቢን ኢሲን ሃ ኤቢሱ።
ሆራ ቡላ።
አከ ኦዳ ደጋጋ።
አከ ዸጋ ጀባዻ።
አከ ደማ ሚኣዋ።
መኒ ኬሰን ነጋ ሃ ተኡ።
ዋሊን ዱሎማ።
አሚን ጄዻ!

የጀማል አባት፣ የጀማል እናት፣ ገለቶማ። ኢንተሊ ኮ ኢንተለ ኬሰን። አከ ኢንተለ ኬሰኒቲ ኢላላ። ስታጠፋ ቆጡልኝ፣ ስትደክም ደግሞ ደግፉልኝ።

ረሕማ፣ አንድ አደራ አለኝ። አማትሽ በኦሮምኛ ሲጠሩሽ በኦሮምኛ አቤት በይ። ታውቂዋለሽ፣ አትፈሪ። ጀማል፣ አንተም የእሷን እናት በአማርኛ እንዴት አደሩ በላቸው፤ ብትሳሳት ማንም አይስቅብህም። አላህ ልጅ ሲሰጣችሁ አንዱን ቋንቋ የቤት፣ ሌላውን የደጅ አታድርጉት። ረሕማ፣ ሁለቱንም ከጡትሽ ጋር አጥቢው። ወሎ ያለችው አክስትሽ ስትደውል ያናግራት። እዚህ አያቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦም ተረት ይስማ።

ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ ታዩኛላችሁ። የደስታ ነው፣ ተዉት ይፍሰስ።

ልጄ፣ ነይ ግንባርሽን ልሳመው። አባትሽ ወዶሻል፣ መርቆሻል። ኢንተለ ኮ፣ ነጋን ዴሚ።

አሚን። አሚን።