የዓላማ መግለጫ፦ ከሒሳብ መምህርነት ወደ ዳታ ሳይንስ

ለዳታ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ቅበላ ኮሚቴ

በዳታ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪዬን ለመማር የማመለክተው አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ ከመዝገብ የወጣን ሰው እንዴት እንቁጠረው? ጥያቄውን ያገኘሁት ከሮስተር ላይ ነው። በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ፣ የመምህርነት ድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ ጨምሬ፣ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ አስተምራለሁ። ካለፉት ዓመታት አብዛኛውን ያሳለፍኩት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

አካባቢው የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ዕጣ የደረሳቸው አሉ፣ ከእነርሱ የተከራዩ አሉ፣ ከመንደሩ ጀርባ ካለው የገጠር ቀበሌ በእግር የሚመጡ ልጆችም አሉ። ኪራይ ሲጨምር ቤተሰብ ይነሣል፤ ልጁም በዓመቱ አጋማሽ ከክፍል ይጠፋል። መሸኛ ወስዶ ሌላ ትምህርት ቤት የገባውም፣ ትምህርቱን ጨርሶ ያቋረጠውም ስማቸው በቀይ እስክሪብቶ እኩል ይሰረዛል። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አማካይ ውጤት ሲሠራ ሁለቱም የሉም።

ይህ በቁጥር ምን እንደሚያደርግ ለማሳየት ቀላል ምሳሌ ልስጥ። 60 ተማሪዎች ያሉበት ክፍል አማካይ ውጤቱ 52 ነው እንበል። አማካያቸው 27 የሆነ 10 ተማሪዎች ቢወጡ የቀሩት 50 ተማሪዎች አማካይ 57 ይሆናል። ማንም ምንም አልተማረም፤ ክፍሉ ግን በአምስት ነጥብ «ተሻሻለ»። በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ በሚደረጉ የግምገማ ስብሰባዎች እንዲህ ያለ መሻሻል ሲጨበጨብለት ተቀምጬ አይቻለሁ። የሚያጨበጭበው ሰው ክፉ አይደለም፤ የቀረበለት ሰንጠረዥ የሄዱትን አያሳየውም።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት የጀመረው ለ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ነው። ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። እኛ መምህራንም ደነገጥን፤ ነገር ግን የየትምህርት ቤታችንን ተከታታይ ምዘና የሚያውቅ ሰው መደንገጥ የነበረበት ቀደም ብሎ ነው። የደብተር ነጥብ፣ የቡድን ሥራ ነጥብና የተሳትፎ ነጥብ ተደምረው የሚሰጡን ውጤት ልጁ ምን እንደሚችል ከሚነግረን ይልቅ ክፍል ውስጥ እንደነበረ የሚነግረን ይበዛል። ሁለቱ ልኬቶች የሚለኩት ነገር አንድ አለመሆኑን በስሜት ሳይሆን በስሌት ማሳየት እፈልጋለሁ። ለዚያ የሚያስፈልገው ስታትስቲክስ አሁን ከማውቀው በላይ ነው።

የማውቀውን ያህል ግን ሞክሬያለሁ። ፓይተንና ኤስኪውኤል በራሴ ተምሬ፣ በርዕሰ መምህሩ ፈቃድ የትምህርት ቤታችንን የቆዩ ሮስተሮች ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ስሌቱ ሳይሆን ስም ማመሳሰሉ ነበር። አንዷ ተማሪ በ9ኛ ክፍል ፀሐይ ዓለሙ፣ በ10ኛ ክፍል ጸሀይ አለሙ ተብላ ትጻፋለች፤ በእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ አጻጻፍ አላት። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርጋታል፤ ሁለቱን ደግሞ «ትምህርት አቋርጠዋል» ይላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚመልስ፣ ከዚያም የአባትንና የአያትን ስም አብሮ የሚያነጻጽር አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። የአያት ስም ባልተመዘገበበት ቦታ አሁንም ዓይኔን ከመጠቀም ውጪ አማራጭ የለኝም። በሌላ አገር መረጃ ላይ የተዘጋጁ መልመጃዎች ይህን አያስተምሩም፤ የዚህ አገር መዝገብ ላይ ለሚሠራ ባለሙያ ግን የመጀመሪያው ሥራ ይኸው ነው።

ቀጥዬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የቀሪ ብዛትን ተጠቅሜ ማን ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚገምት የሎጂስቲክ ሪግሬሽን ሞዴል ሠራሁ። እዚህ ላይ የገባኝ ነገር ለዚህ ማመልከቻ ዋና ምክንያቴ ሆኗል። ከመቶ ተማሪዎች አሥሩ የሚያቋርጡ ከሆነ «ማንም አያቋርጥም» የሚል ሞዴል 90 በመቶ ትክክል ነው፤ ጥቅሙ ግን ባዶ ነው። በአንጻሩ ሞዴሉ ማንንም እንዳያመልጠው ብናስጨንቀው በደህና የሚማረውንም ልጅ «አቋራጭ» ብሎ ይሰይመዋል። አንድ ልጅ እንዲህ ተብሎ ከተሰየመ መምህሩ እንዴት እንደሚያየው አውቃለሁ፤ ጥያቄ ሲጠየቅ እጁን ቢያወጣም ዕድሉ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ ስህተቱ በየትኛው ወገን ቢበዛ ይሻላል የሚለው ውሳኔ ለስሌት ብቻ የሚተው አይደለም። ሞዴሉን ለማንም ሰጥቼ ሥራ ላይ አላዋልኩትም። የአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የልጆች መረጃ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ እንደሚሻም አምናለሁ። ፋይሉ ስሞቹ በመለያ ቁጥር ተተክተው ተቀምጧል።

ለምን ሥራዬን እተዋለሁ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ደመወዝ ምክንያት አይደለም ብል የመንግሥት መምህር ኑሮን የሚያውቅ ሁሉ አያምነኝም፤ ስለዚህ አልልም። ነገር ግን ደመወዝ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደ ብዙ ባልደረቦቼ ለግል አስጠኚነት ቅዳሜና እሑድን መሸጥ ይበቃኝ ነበር። ማስተማር አልሰለቸኝም። የሰለቸኝ ክፍል ውስጥ በዓይኔ የማየው ነገር ወደ ወረዳና ወደ ክፍለ ከተማ ሲላክ በሪፖርት ቅጹ ላይ ቦታ ማጣቱ ነው።

በዚህ መርሐ ግብር ቅድሚያ የምሰጣቸው ትምህርቶች ሦስት ናቸው፤ የጎደለ ዳታ አያያዝ፣ የመዝገቦች ማመሳሰልና የቆይታ ጊዜ ትንተና። የመጨረሻው በተለይ ያጓጓኛል። መሸኛ ይዞ የሄደ ልጅ አቋርጧል አይባልም፤ እኛ ጋር ያለው ታሪኩ ነው የተቆረጠው። ይህን ልዩነት በሒሳብ የሚይዝ ዘዴ መኖሩን ሳነብ ለዓመታት በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዙት ስሞች ናቸው የታወሱኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በከተማዋ ዳርቻ በሚገኙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ቆይታ ላይ መሥራት አስባለሁ፤ ለዚህም የሚመለከተውን ቢሮ ፈቃድ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ክፍተቴንም ላስታውቅ። ሊኒየር አልጀብራና ፕሮባቢሊቲ በዲግሪ ደረጃ ተምሬያለሁ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርት ግን በመደበኛነት አልወሰድኩም፤ ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም ላይ የማሟያ ኮርስ ቢሰጠኝ በደስታ እወስዳለሁ። በማታው መርሐ ግብር መማር ይቻለኝ ነበር፤ ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ተሰልፎ የሚመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለ ሰው ግን ለዚህ ዓይነት ትምህርት የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው። ስለዚህ የመረጥኩት መደበኛውን ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ ባንክም ሆነ ቴሌኮም ቢቀጥረኝ እንቢ እላለሁ ብዬ አልፎክርም። የምፈልገው ሥራ ግን የትምህርት መረጃ የሚሰበሰብበትን ቅጽ ከሚነድፉት ሰዎች መካከል መቀመጥ ነው፤ «የወጡ» የሚለውን አንድ ዓምድ «በመሸኛ የሄዱ»፣ «ያቋረጡ» እና «ያልታወቁ» ብሎ ለሦስት መክፈል የሚጀመረው ከዚያ ነው። ከብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ውጤቴና ከትምህርት ማስረጃዎቼ ጋር የርዕሰ መምህሩንና የአንድ የቀድሞ የዩኒቨርሲቲ መምህሬን የድጋፍ ደብዳቤ አያይዣለሁ። ለቃለ መጠይቅ ብጠራ ስሞቹ በመለያ ቁጥር የተተኩበትን የሥራ ፋይልና የጻፍኩትን ፕሮግራም ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አመልካቿ፣ የሒሳብ መምህርት