በድንገት የቀረ ሠራተኛን ስለመተካት ለፈተል ክፍል ሠራተኞች የወጣ መመሪያ

ኮምቦልቻ

በክፍላችን ሰው የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ታሞበት፣ ለቅሶ ደርሶበት ወይም ከደሴ ሲወርድ መኪና አጥቶ ነው። ችግሩ የሚወድቀው ግን ጎኑ በቆመው ባልደረባ ላይ ነው። የራሱንም የሌላውንም ማሽን ሲጠብቅ የተበጠሰ ክር ለመቀጠል እየሮጠ፣ ከሚዞረው እንዝርት ላይ እጁን ይሰዳል። ይህ እንዲቀጥል አንፈቅድም። ስለዚህ ከሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ በተጠባባቂ ዝርዝር እንሠራለን።

የሚቀር ሰው ፈረቃው ከመግባቱ 2 ሰዓት በፊት ለፈረቃ ኃላፊው ይደውል። ለቅሶ ወይም ድንገተኛ ሕመም ከሆነ ቤተሰብ ወይም ጎረቤት ቢደውልለትም ይበቃል።

በዝርዝሩ የሚገባው ፈቃደኛ የሆነ ብቻ ነው። ስሙ በሚያውቀው ማሽን ሥር ይጻፋል፤ የካርድ ማሽን ሠራተኛን ሪንግ ላይ ማቆም መተካት አይባልም። ጥሪ የሚጀምረው በዕለቱ ዕረፍት ላይ ካለው ሰው ሲሆን፣ ከላይ ወደ ታች በተራ ይወርዳል። ሁለት ጊዜ ተደውሎለት ያላነሳ ይታለፋል፤ ቅጣት የለበትም። የመጣው ከዝርዝሩ ግርጌ ይሰፍራል። እያንዳንዱ ጥሪ ከነሰዓቱ በመዝገብ ይጻፋል፤ መዝገቡን ማንም ሠራተኛ ማየት ይችላል። ኃላፊው የሚቀርበውን እየመረጠ ጠራ የሚል ሐሜት የሚቀረው በዚህ ብቻ ነው።

ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ካልተገኘ ፈረቃውን ለሁለት እንከፍላለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ያዛል። ስለዚህ የሚወጣው ፈረቃ ሠራተኛ 4 ሰዓት ይቆያል፤ የሚገባው ደግሞ 4 ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። በሌሊቱ ፈረቃ ሰው የሚቀያየረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ አንዱን ያመጣው ሰርቪስ ሌላውን ቤቱ ያደርሳል። በዚህ ሰዓት የሚጠሩት ኮምቦልቻ የሚኖሩት ብቻ ናቸው። በክረምት ጭጋግ የደሴን ቁልቁለት ማንም በሌሊት እንዲወርድ አንጠይቅም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለትርፍ ሰዓትም ሆነ ለሌሊት ፈረቃ አትጠራም።

ክፍያው በአዋጁ መሠረት ነው፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የመደበኛው 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይከፈላል። ዕረፍቱን የሠራ ምትክ ዕረፍት ይሰጠዋል። የሠራበት ሰዓት በዚያው ዕለት ይፈረምለት፤ ለደመወዝ ቀን የሚቆይ ሒሳብ ጠብ ያመጣል።

በዓላትን አስቀድመን እንያዛቸው። ለዒድና ለአረፋ ክርስቲያኖቹ፣ ለገናና ለፋሲካ ሙስሊሞቹ ተጠባባቂ መሆን በመካከላችን የቆየ ልማድ ነው፤ አሁን ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት በጽሑፍ ይሁን።

ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ጨርሶ ካልተገኘ ኃላፊው ማሽኑን ያቁም። በምርት ማነስ ማንም አይጠይቀውም።

ምዝገባው እስከ ሰኔ 25 ቀን በክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ይካሄዳል፤ ስልክ ቁጥሩን የቀየረ በዚያው ያሳውቅ።

የፈተል ክፍል ኃላፊ