ፌስታላችን የትም አልሄደም

ክብርት ርእሰ መምህርት፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ሰንደቅ ዓላማችን ተሰቅሏል፣ መዝሙሩም ተዘምሯል። ፀሐይዋ ሳትከር እጨርሳለሁ፤ ስለዚህ ከኋላ ያላችሁ የ7ኛ ሐ ወንዶች ወሬውን ለእረፍት ሰዓት አቆዩልኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ፌስታል ነው። ስለ ፕላስቲክ ሲወራ በቴሌቪዥን የምታዩትን ዐውቀዋለሁ፤ ውቅያኖስ፣ ኤሊ፣ ዓሣ ነባሪ። ውሸት አይደለም። ባሕር ባላቸው አገሮች ፕላስቲኩ ባሕር ገብቶ እንስሳቱን ይገድላል። እኛ ግን ባሕር የለንም። ታዲያ የእኛ ፌስታል የት ይሄዳል?

እስቲ ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ የሚወርደውን ቀበናን በሐሳብ እንከተለው። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይጠራቀምና ከዚያ ወርዶ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ እያጠጣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ከምንጩ ጀምሮ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ባሕር አይደርስም! የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ካርታ ላይ አይታችሁታል። እንግዲህ ዛሬ ከእጃችሁ ወድቆ ቀበና የገባ ፌስታል ዕድል ቀንቶት ብዙ ቢጓዝ አፋር ይደርስ ይሆናል እንጂ ከአገር አይወጣም። አብዛኛውማ ያን ያህልም አይርቅም፤ ቁጥቋጦ ይይዘዋል፣ ደለል ይቀብረዋል፣ የእርሻ ቦይ ይዘጋል። እኛ «ጣልነው» እንላለን፤ እሱ ግን እዚሁ እኛው ዘንድ ነው።

ባለፈው ዓርብ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ልጆች ከበራችን ፊት ለፊት ያለውን የፍሳሽ ቦይ ሲያጸዱ አብሬያቸው ነበርሁ። አካፋው አልገባ አለን። ፌስታሉ ከአሸዋ፣ ከጭራሮና ከተቀደደ ጨርቅ ጋር ተሸራርቦ አንዱን ስንስበው ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ከመካከሉ አንድ የዳቦ ፌስታል ወጣ፤ ጠቁሮ ይሸታል፣ ነገር ግን አንዲት ተማሪ ውኃ ስታፈስበት የዳቦ ቤቱ ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ዳቦው ተበልቶ ተረስቷል፤ ፌስታሉ አልበሰበሰም፣ ፊደሉ እንኳ አልለቀቀም። ሰኔ ላይ በፈተና ሰሞን ዝናቡ ሲጥል የ1ኛ ክፍል ሕፃናት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በሩን ሲሻገሩ ታስታውሳላችሁ? ያንን ጎርፍ ሰማይ ብቻውን አላመጣውም። ባንግላዴሽ የምትባለው የእስያ አገር በጎርፍ ተጥለቅልቃ ቦዮቿን ስትመረምር የዘጋቸው ፌስታል ሆኖ ስላገኘችው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ስስ ፌስታልን በሕግ ከልክላለች። በአህጉራችን ሩዋንዳ በ2008፣ ጎረቤታችን ኬንያም በ2017 ተከትለዋል።

ስለማይበሰብስ ነገር ከተነሣ፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። በበዓል ቀን ቤታችሁ በግ ሲታረድ ጨጓራ ሲታጠብ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ። ከጨጓራው ውስጥ የተጠቀለለ ፌስታል ሲወጣስ ያያችሁ? ይኸው፣ እጆቹ ያን ያህል አልቀነሱም። በግና ላም የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ሣሩን ጨጓራቸው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይፈጩላቸዋል። ፌስታል ግን ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፖሊኢትሊን የሚባል ነገር ነው፤ እነዚያ ተሕዋስያን ምንም ሊያደርጉት አይችሉም። ወደ ፊት አያልፍም፣ ወደ ኋላም አይመለስም። ባለበት እየተከማቸ ቦታ ይይዛል። በጓ የጠገበች ይመስላታል፣ ሰውነቷ ግን ይከሳል። ገበሬው ለወራት የደከመባት በግ በእኛ የድንች ልጣጭ ፌስታል ትሞታለች። ልጣጩን ለበግ እየሰጠን እኮ ነው፤ ቋጥረን ስለምንጥለው ግን ቋጠሮውንም አብራ ትበላዋለች።

አንዳንዶቻችሁ «ቆራሌው ይወስደዋል» ትሉኝ ይሆናል። አይወስደውም። ቆራሌው በሰፈራችሁ ሲያልፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ ብረት ይገዛል፣ አሮጌ ጫማ ይገዛል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሰበስባል። ፌስታል የተሞላ ጆንያ ብታቀርቡለት ስቆባችሁ ይሄዳል። ስስ ነው፣ ይቆሽሻል፣ ተመዝኖ ኪሎ አይሞላም፤ ለቃሚውም ለገዢውም አያዋጣም። ከቆሻሻ እንጀራ የሚያወጣ ሰው ያልፈለገውን ቆሻሻ ማንም አይፈልገውም።

«እናቃጥለዋለን» የምትሉም አላችሁ። በየቤቱ ከሰል ሲቀጣጠል ከሥሩ ፌስታል እንደሚጎረስ ዐውቃለሁ፤ ቶሎ ይይዛል። የሚንጠባጠበውን ጥቁር ነገርና ጉሮሮ የሚከረክረውን ጭስ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ያ ጭስ መርዝ ነው፤ በጠባብ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚተነፍሱት ደግሞ ምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እናትና ሕፃን ናቸው። ለከሰል ጭራሮ ይበቃል።

የቀረው የቆሻሻ መኪና ነው። መኪናው መጥቶ ሲወስድልን እፎይ እንላለን። ግን የት ነው የሚወስደው? ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ቆሻሻ የተቆለለው ረጲ፣ ቆሼ በምንለው ቦታ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ክምሩ ፌስታል ብቻ ነበር አልልም፤ ከየቤታችን የወጣ ሁሉ ነበረበት። ዕድሜያቸው እንደ እናንተ የሆነ ልጆችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ፌስታል በአገራችን የተከለከለው አዋጅ 513 በ1999 ዓ.ም. ሲወጣ ነው፤ ያኔ አንዳችሁም አልተወለዳችሁም። ክልከላው ግን ከወረቀት ብዙም ሳይወርድ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ አዋጅ አጸደቀ፤ አምራቹንና ሻጩን ብቻ ሳይሆን ይዞ የተገኘውንም ሰው ያስቀጣል፤ ይዞ የተገኘው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይከፍላል። በቅጣት ላስፈራራችሁ አልቆምሁም። ቅጣት የሚፈራ ሰው ተቆጣጣሪ በሌለበት ቀን ፌስታሉን ይዞ ይወጣል።

እና ከእኛ ከራሳችን እንጀምር። በዚህ ግቢ ውስጥ ፌስታል የሚገባበትን መንገድ ባለፉት ሳምንታት ቆሜ አይቻለሁ፤ ትልቁ በር ምሳ ዕቃ ነው። ወጡ ፈስሶ ደብተራችሁን እንዳያበላሽ እናቶቻችሁ ምሳ ዕቃውን በፌስታል ይጠቀልሉታል። ልክ ናቸው፤ በሽሮ የተጨማለቀ ደብተር አርሜ ዐውቃለሁ። ነገር ግን ጥብቅ አድርጎ በጨርቅ መቋጠርም ያው ነው፣ ቢፈስ እንኳ ጨርቁ ይመጠዋል፣ ማታ ይታጠባል። ሁለተኛው በር የግቢያችን ሻይ ቤት ነው። ርእሰ መምህርቷና የሻይ ቤቱ ባለቤት ተነጋግረው ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ በፌስታል አይሰጥም፤ ሳህን ላይ ትበላላችሁ፣ ወይም የራሳችሁን ዕቃ ታመጣላችሁ። ከበር ውጪ ቆሎ የምትሸጥልን እናታችን ደግሞ ስፍር ጨምራ ኪሳችሁ ውስጥ ብትገለብጥላችሁ ደስ ይላታል፤ ፌስታሉን የምትገዛው እሷ ናት፣ ወጪዋ ይቀንሳል። አደራ፣ ማናችሁም እሷን «ፌስታል ክልክል ነው» ብላችሁ እንዳትቆጡ። እሷን ማሳፈር አይደለም ሥራችን። እጃችሁን ብቻ ዘርጉ።

ሦስተኛው ከግቢ ውጪ ነው፣ እሱም ይከብዳል። ሱቅ ስትላኩ የባለሱቁን እጅ ተመልከቱ፤ «ሁለት ሳሙና» ብላችሁ ሳትጨርሱ እጁ ምስማር ላይ የተንጠለጠለው ፌስታል ላይ ደርሷል። ከልማድ ነው። ከከተተ በኋላ «አልፈልግም» ብትሉት ቅር ይለዋል፣ የወጣውንም አይመልሰውም። ስለዚህ ቃሉ ከዕቃው መቅደም አለበት። «ጋሼ፣ መያዣ ይዣለሁ፣ ሁለት ሳሙና ይስጡኝ» በሉ።

እዚህ ላይ ወንዶቹ ፊታችሁን ስትጨፈግጉ አየሁ። ዘንቢል ይዞ ሰፈር መሄድ ያሳፍራል ነው ነገሩ! አያቶቻችን ጤፉን በስልቻና በአቁማዳ፣ የገበያውን በዘንቢል፣ የመንገድ ስንቁን በአገልግል ይዘው ኖረዋል፤ ፌስታል አገራችንን ሳያውቃት በፊት ገበያ ነበር፣ ድግስም ነበር። ዘንቢል የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ ታጥፎ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የሚገባ የጨርቅ መያዣ ያዙ፤ እሱ የሚታየው ሱቅ ስትደርሱ ብቻ ነው።

ስለ ጨርቅ መያዣም ላስጠንቅቃችሁ። ቆንጆ ነው ብላችሁ አዲስ እየገዛችሁ ቤት እንዳታከማቹ። ጥጥ ለማብቀል ውኃ፣ ለመፍተልና ለመሸመን ጉልበት ይጠይቃል። የጨርቅ መያዣ ከፌስታል የሚሻለው ደጋግማችሁ፣ ለዓመታት ስትይዙት ነው። ለዚህ የሚሆን ጨርቅ ደግሞ በየቤታችሁ አለ፤ ጉልበቱ የተቀደደ የዩኒፎርም ሱሪ፣ ለታናሽ የማይተላለፍ ቀሚስ። የሱሪ አንድ እግር ከታች ተሰፍቶ ከላይ ማንጠልጠያ ቢገባለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይችላል፤ እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ አልተቀደደም።

እንግዲህ የክበባችን ልጆች እስከ ረቡዕ ድረስ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሣጥን ያስቀምጣሉ። የታጠበ አሮጌ ዩኒፎርም ያለው ያምጣ፤ የሌለው ምንም አይጠየቅም። ሐሙስ ከ8፡00 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ወላጆች የልብስ ስፌት መኪናቸውን ይዘው ይመጣሉ። መርፌና ክር መያዝ የሚችል ከ5ኛ ክፍል በላይ ያለ ተማሪ ሁሉ መጥቶ ይማራል፤ ወንዶችም ጭምር፣ የ7ኛ ሐ ወንዶች መጀመሪያ። የሚሰፋው መያዣ በቅድሚያ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ሕፃናት ምሳ ዕቃ ይሰጣል። ክፍል አለቆች፣ ከሰልፍ በኋላ መጥታችሁ የስም መመዝገቢያውን ከእኔ ውሰዱ። አሁን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በተራ ወደየክፍላችሁ ግቡ።