ላይብረሪያን እንፈልጋለን፦ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ

ትምህርት ቤታችን አዲስ አበባ፣ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ ሰሚት አካባቢ ነው። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል 340 ልጆች እናስተምራለን። ላይብረሪያችን አንድ ክፍል ናት። 32 ወንበር፣ ወደ 2,600 መጽሐፍ፣ ገና ያልተከፈቱ 11 ካርቶኖችም አሉ።

የሥራ መደብ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
ብዛት፦ 1
ደመወዝ፦ በወር 12,500 ብር፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ
የሥራ ሰዓት፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡00 እስከ 10፡30፣ የአንድ ሰዓት የምሳ ዕረፍት አለ
ሥራ የሚጀመረው፦ ሰኞ መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ደመወዙን «በስምምነት» ብለን ያላለፍነው ሰው የታክሲ ከፍሎ ከመምጣቱ በፊት ማወቅ ስላለበት ነው።

ስለ ሥራው

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላይብረሪ ነበረው። መጽሐፎቹ ግን ከሽቦ ጀርባ ነበሩ። አንድ መጽሐፍ ከጠፋ ከላይብረሪያኗ ደመወዝ ይቆረጥ ስለነበር ቁልፉን ከአንገቷ አታወርድም፤ አልፈርድባትም። እዚህ እንደዚያ እንዲሆን አንፈልግም። መጽሐፍ ሲጠፋ ወይም ሲቀደድ ተመዝግቦ ለወላጅ ይነገራል እንጂ ከእርስዎ ደመወዝ አይቆረጥም። የምንፈልገው መጽሐፉ ከመደርደሪያው ወጥቶ ልጁ ቤት እንዲገባ የሚያደርግ ሰው ነው።

ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለው እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት አንድ የላይብረሪ ፔሬድ አለው፤ ያን ጊዜ ትንንሾቹን ያነቡላቸዋል፣ ትልልቆቹን ደግሞ ያስመርጣሉ፣ ያዋሳሉ፣ የተመለሰውን ይረከባሉ። በዕረፍትና በምሳ ሰዓት በሩ ክፍት ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ለፈተና ሲዘጋጁ ደግሞ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረው ማጣቀሻ ያወጡላቸዋል።

ከበድ የሚለው ሥራ መዝገቡ ነው። የምንጠቀመው የዲዊ አመዳደብ ሲሆን የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ ነው። አገር ውስጥ ደራሲዎችን በራሳቸው ስም እንጂ በአባታቸው ስም አንደረድርም፤ ካሁን ቀደም ግማሹ በዚህ ግማሹ በዚያ ተመዝግቦ የአንድ ሰው መጽሐፎች ሁለት ቦታ ተበትነው አግኝተናል። ዝርዝሩ ኤክሴል ላይ ነው፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ስለጻፈ ልጁ ሲፈልግ «የለም» ይባላል፣ መጽሐፉ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን በአንድ ወጥ መንገድ የሚጽፍ ትዕግሥተኛ እጅ እንፈልጋለን። ለዚህና ለካርቶኖቹ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሙሉ እንሰጣለን፣ አንቸኩልም። በልገሳ ከመጣው ውስጥ ለልጆቻችን የማይሆነውን ለይቶ ማውጣትም የእርስዎ ሥልጣን ነው።

መምህር ሲቀር ክፍል መሸፈን የእርስዎ ሥራ አይደለም። የጠመኔና የደብተር ስቶርም ላይብረሪው ውስጥ አይገባም። ተጠሪነትዎ በቀጥታ ለርዕሰ መምህሩ ነው።

ማን ያመልክት?

በላይብረሪ ሳይንስ ወይም በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ያለው፣ ቢያንስ 1 ዓመት የሠራ። በሌላ ትምህርት ተመርቀው ላይብረሪ ውስጥ 3 ዓመት የሠሩም ይምጡ። አማርኛና እንግሊዝኛ ለልጅ በሚገባ መንገድ ማንበብ፣ በአማርኛ ኪቦርድ መጻፍና ኤክሴል ግዴታ ነው። አፋን ኦሮሞ ማንበብ የሚችል ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል፤ መጽሐፎቹ አሉን፣ የሚያነብላቸው ግን አጥተናል። ዕድሜ አንጠይቅም። የገንዘብ ዋስ ወይም ተያዥም አንጠይቅም።

የሥራ ውሉ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው። የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀናት ነው፤ ከዚያ ካለፉ ቋሚ ነዎት። ጡረታ እርስዎ 7 በመቶ፣ እኛ 11 በመቶ እንከፍላለን። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ነው። ልጅ ካለዎት አንዱ በግማሽ ክፍያ ይማራል፤ ምሳም እኛው ጋ ነው።

እንዴት ያመለክታሉ?

የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ዋናውንና ኮፒውን፣ መታወቂያዎን፣ እንዲሁም ግማሽ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ይዘው ይምጡ። በጽሑፉ ላይ ለ3ኛ ክፍል ልጅ የሚሰጡትን አንድ መጽሐፍና ምክንያትዎን ይንገሩን። ማመልከቻ የምንቀበለው እስከ ዓርብ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ በሥራ ቀናት ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 9፡00፣ በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቢሮ ነው። የምዝገባ ክፍያ የለም።

የተመረጡትን ደውለን እንጠራለን። የጽሑፍ ፈተና የለንም፤ የተደባለቁ 20 መጽሐፎች ሰጥተን እንዲያስቀምጡልን እንጠይቃለን፣ ቀጥሎ በክረምት ትምህርት ላይ ላሉ የ2ኛ ክፍል ልጆች 10 ደቂቃ ያነባሉ። ላልተመረጡትም ደውለን እንነግራለን።