እንቅልፍ፣ ትውስታና የፈተና ጭንቀት፦ ለ4ኛ ዓመት የሳይኮሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕስ ሐሳቦች

ውድ ተማሪዎቼ፣

ባለፈው ሳምንት የሰጣችሁኝን የርዕስ ወረቀት ሁሉንም አነበብኩት። ከግማሽ በላይ የምትሆኑት "የእንቅልፍ እጦት በተማሪዎች ውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ" ብላችኋል። ጉዳዩን ወድጄዋለሁ። ጥያቄው ግን በእጃችሁ ካለው መሣሪያ በላይ ነው። አንዴ የሚሞላ መጠይቅ ምን ከምን ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያሳያል እንጂ የቱ የቱን እንዳመጣ አይናገርም። ጭንቀቱ እንቅልፍ ነስቶ ይሆናል፤ እንቅልፍ ማጣቱም ጭንቀቱን አብሶት ይሆናል። ስለዚህ "ተጽዕኖ"ን ሰርዙና "ግንኙነት" ወይም "ልዩነት" በሉ። ከዚያ ጥያቄውን አጥብቡት። ከታች ያሉትን ሐሳቦች የጻፍኩት ለዚህ ነው። የፈለጋችሁትን ውሰዱ።

ከእንቅልፍ ልጀምር። እዚህ ጎንደር ማራኪ ግቢ ዶርም ውስጥ የሚያድርና ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ እኩል ይተኛሉ? ይህ ንጹሕ ጥያቄ ነው። ሁለት ቡድን፣ አንድ መለኪያ፣ አንድ ቲ-ቴስት። ለመለኪያው እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ ይበቃል። 19 ጥያቄ አለው፤ ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ነው፤ ከ5 በላይ የሆነ ሰው እንቅልፉ ደህና አይደለም ይባላል። ሌላዋ ርዕስ ደግሞ "ስልክ ይዞ አልጋ መግባትና የመኝታ ሰዓት መዘግየት" ናት። እዚህ ላይ "ስልክ ትጠቀማለህ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይላል። "ትናንት ማታ አልጋ ውስጥ ከገባህ በኋላ ስልክህን ስንት ደቂቃ ያህል አየህ?" በሉ። ሰው የትናንቱን ከ"ብዙ ጊዜ" በተሻለ ያስታውሳል።

የዐቢይ ጾምና የረመዳን ሰሞንም ጥሩ ርዕስ ይወጣዋል። ለጸሎት ሌሊት የሚነሳው፣ ለሱሑር የሚነሳው፣ የትኛውም የሌለበት፤ ቀን ክፍል ውስጥ እንዴት ናቸው? ለዚህ የኤፕወርዝ የቀን እንቅልፍ መለኪያ አለ። 8 ጥያቄ ብቻ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን በጣም የማስጠነቅቃችሁ ነገር፦ ሰዓት! "ማታ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?" ስትሉ አንዱ "5" ይጽፋል፤ ሌላው ስልኩን አይቶ "11" ይጽፋል። ሁለቱም ያሉት አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ "11" ብሎ ሲቸክል አድሮ ሊነጋጋ ሲል መተኛቱን ይነግራችኋል። ይህን ሳታዩ ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ካስገባችሁት አማካዩ ከንቱ ነው። መጠይቁ ላይ "በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር" ብላችሁ በጉልህ ጻፉ፤ ከጎኑም ማታ፣ ሌሊት፣ ንጋት የሚል ምርጫ አስቀምጡ። ማታ 5 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ሰው 7 ሰዓት አልጋ ላይ ነበር። ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንደተኛ ግን ለብቻው መጠየቅ አለበት።

መጠይቁ የወሩን ስለሚጠይቅ ጥር መጨረሻ ላይ ብትሰበስቡ የጥምቀትን ሰሞን ይዞ ይመጣል። ጎንደር በእንግዳ ተጥለቅልቃ፣ ሰው ሁሉ ፋሲል መዋኛ ሲያድር የነበረውን እንቅልፍ "የተማሪ እንቅልፍ" ማለት አይሆንም።

ወደ ትውስታ ስንመጣ ጠንቀቅ በሉ። መጠይቅ ትውስታን አይለካም። ሰው ስለ ትውስታው የሚያማርረውን ነው የሚለካው። ይህን ርዕሳችሁ ላይ በግልጽ ካሰፈራችሁት ማንም አይጥላችሁም፤ "በተማሪዎች ራስ ዘገባ የመርሳት ችግርና የእንቅልፍ ጥራት ግንኙነት" በሉት። PRMQ የሚባል ባለ 16 ጥያቄ የታወቀ መጠይቅ አለ። ግማሹ ያለፈውን መርሳት፣ ግማሹ ሊያደርጉ ያሰቡትን መርሳት ይጠይቃል። ሁለተኛው ለተማሪ በጣም የቀረበ ነው፦ አሳይንመንት የሚገባበትን ቀን መርሳት፣ ለእናት እደውላለሁ ብሎ ማደር። የተጨነቀ ሰው ስለ መርሳቱ የበለጠ ሊያማርር ስለሚችል የውጥረት መለኪያም ጨምሩበት።

ከሁሉ የምጓጓለት ርዕስ ግን የአጠናን ልማድ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በደንብ እንደያዙት ተሰምቷቸው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ሆኑ። የእኛ ተማሪ ሃንድአውት ዘግቶ ራሱን ይጠይቃል ወይስ ደጋግሞ ያነባል? ደግሞ ጎንደር ነን። ከመካከላችሁ የአብነት ትምህርት የቀመሰ፣ ቁርኣን በቃሉ የያዘ ልጅ አለ። እነዚህ ልጆች መምህራቸው ፊት በቃል መመለስን ከሕፃንነታቸው ለምደውታል። ያ ልማድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተከትሏቸዋል? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ቢሮዬ በሩ ክፍት ነው። ችግሩ ቁጥራቸው ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ክፍል ሳይሆን ከብዙ ትምህርት ክፍል ሰብስቡ።

የፈተና ጭንቀት ላይ ኤክዚት ፈተናን ብትይዙ ደስ ይለኛል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚፈተነው ነው፤ እናንተም ትቀመጡበታላችሁ። "የ3ኛና የ4ኛ ዓመት ተማሪዎች የፈተና ጭንቀት ልዩነት" ቀላልና ጠቃሚ ርዕስ ነው። ወይም ሲጨነቁ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቁ፦ ጓደኛ፣ ቤተሰብ፣ ጸሎት፣ ቡና፣ ጫት፣ ወይስ የማማከር አገልግሎት? ጫትን ከጠየቃችሁ ስምና መታወቂያ ቁጥር ጨርሶ አይጻፍ፤ ወረቀቱም በታሸገ ሣጥን ይሰብሰብ።

ለጠቅላላ ውጥረት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው PSS የሚባለው መለኪያ ባለ 10 ጥያቄ ቅጂ አለው። 4ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛና 8ኛ ጥያቄዎች ነጥባቸው ይገለበጣል። በየዓመቱ ይህን የሚረሳ አለ።

ትርጉሙ ላይ አትቸኩሉ። "ጭንቀት" የሚለው ቃላችን ብዙ ይሸከማል። የፈተና ጭንቀት አንዱ ክፍል ሐሳብ ነው፣ "ብወድቅስ" የሚለው፤ ሌላው አካል ነው። "ልቤ ይመታል"፣ "ሆዴን ይቆርጠኛል"፣ "ወረቀቱን ሳይ ጭልም ይልብኛል" ብላችሁ ተርጉሙ። ተማሪ የሚናገረው እንዲህ ነው። ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዚያ 20 ተማሪዎች ላይ ሞክሩት።

ስንት ሰው ትጠይቃላችሁ? የምታጠኑት ክፍል ጠቅላላ ተማሪ N = 400፣ የምትቀበሉት የስህተት መጠን e = 0.05 ከሆነ፣ የምትጠይቁት ሰው ቁጥር n ይህ ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
n = 400 / (1 + 400 × 0.05²) = 200
```

የማይመልሱ ስለሚኖሩ 220 ወረቀት አባዙ። የፈተና ዋዜማ ላይብረሪ በር ላይ ቆማችሁ አትበትኑ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈቃደኝነቱን፣ ባይፈልጉ መተው እንደሚችሉም ጻፉ። የጨነቀው ሰው የት ሄዶ ሊያናግር እንደሚችልም ይኑርበት። መጠይቁን የሚሞላው ልጅ በዚያች ሰዓት እውነት እየከበደው ሊሆን ይችላል።

አርብ ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ እጠብቃችኋለሁ። ርዕሳችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ መጠይቁን በእጅ ጽፋችሁም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።