የባንክ ሂሳባችን ሊቀየር ነው፤ ይህን መልእክት ብቻ አምናችሁ ግን ብር እንዳትልኩ

ሰላም ናችሁ፣ የደሴ፣ የሐይቅ፣ የከሚሴና የባቲ ደንበኞቻችን።

ከጥር 1 ጀምሮ የምትከፍሉበት ሂሳብ ይቀየራል። እስከዛሬ የቆርቆሮውንም የሚስማሩንም ብር ታስገቡ የነበረው በባለቤቱ የግል ስም በተከፈተ ሂሳብ ነው። አሁን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ስለሆንን ገንዘቡ በድርጅቱ ስም መግባት አለበት። ባንኩ ያው ንግድ ባንክ ነው።

አዲሱን ቁጥር እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። በቴሌግራም የሚዞር መልእክት ላይ ሁለት አሃዝ ቀይሮ፣ የእኛን ፎቶ ለጥፎ መልሶ መላክ ለአጭበርባሪ የደቂቃ ሥራ ነው። ቁጥሩ ከሚቀጥለው ጭነት ጋር ማህተም ባለው ደብዳቤ ይደርሳችኋል። ማህተምም ቢሆን ይቀረጻል፣ እንተዋወቃለን። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርሳችሁ ደውሉልን፤ የምትደውሉት ግን ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ባለው የድሮ ደረሰኝ ላይ በታተመው ነው። እኛ ቁጥሩን ከመዝገብ እናነባለን፣ እናንተ ደብዳቤው ላይ እየተከተላችሁ ታመሳክራላችሁ። ማንም «ከሂሳብ ክፍል ነኝ» ብሎ ቢደውልላችሁ፣ ድምፁን ብታውቁት እንኳ፣ ዝጉትና እናንተ መልሳችሁ ደውሉ።

ወደ አዲሱ ሂሳብ በሞባይል ስትልኩ መተግበሪያው ከማረጋገጣችሁ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። እዚያ ላይ ቆም በሉ። የሚወጣው ስም ደረሰኛችን አናት ላይ ያለው የድርጅቱ ስም መሆን አለበት። የሰው ስም ከወጣ፣ የሽያጭ ሠራተኛችንም ይሁን የባለቤቱ፣ አትላኩ። ቅርንጫፍ ሄዳችሁ የምታስገቡም ሂሳቡ በማን ስም እንደሆነ ገንዘብ ተቀባዩን ጠይቁት፣ አያፍርም አያሳፍርም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ 100 ብር ብቻ ላኩና መግባቱን ከእኛ ሰምታችሁ ቀሪውን አስከትሉ። መቶዋ ከሂሳባችሁ ላይ ትታሰባለች።

ደግሞ አትቸኩሉ። የድሮው ሂሳብ እስከ የካቲት 30 ክፍት ነው፣ በእሱ ስለከፈለ ጭነቱ የሚያዝበት ሰው የለም። «ዛሬውኑ ካላስገባህ ዕቃው ለሌላ ይሄዳል»፣ «ሂሳቡ ታግዷል፣ ለጊዜው በዚህ ልጅ ስም አስገባ» የሚል ካለ እኛ አይደለንም። የሚስጥር ቁጥራችሁንም ሆነ ስልካችሁ ላይ የሚገባውን ኮድ አንጠይቅም፤ ብር ለመቀበል ምን ያደርግልናል?

ተሳስቶ የላከ ካለ መጀመሪያ ወደ ባንኩ ይደውል፣ ከዚያ ወደ እኛ። ብሩ ወጪ ሳይደረግ ከተደረሰበት ነው ተስፋ ያለው፣ ስለዚህ እስኪነጋ አትጠብቁ። የግብይቱን መለያ ቁጥር ያዙ፣ ለፖሊስም አመልክቱ።

በስልክ የማይዋጥለት ኮምቦልቻ ድረስ ይምጣ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ቢሮ አለን፣ ቁጥሩን ከባንክ ደብተሩ ላይ እናሳያለን።

የማከፋፈያው ሂሳብ ክፍል፣ ኮምቦልቻ