የሱቁ ወጪ በስልክ

አክስት፦ አንተ ልጅ፣ ደብተሩ ሰለቸኝ። ባለፈው ወር ሂሳቡን ሦስቴ ደምሬ ሦስት ዓይነት መልስ ወጣልኝ! እዚህ ስልክ ላይ ያለው ሺት የሚሉት የሂሳብ ሰንጠረዥ ራሱ ይደምርልኝ ይሆን?

የወንድም ልጅ፦ ይደምራል እትዬ። መጀመሪያ ረድፍ ላይ ከA እስከ D ቀን፣ ዓይነት፣ ዝርዝር፣ ብር ብለው ይጻፉ። ቀኑን ቁጥሩን ብቻ ያስገቡ፣ 5 ወይም 12። ሙሉውን በእኛ አቆጣጠር ከጻፉት ሺቱ የፈረንጅ ቀን ይመስለዋል። ከዚያ G1 ላይ ይቺን ያስገቡ፦

```
=SUM(D2:D200)
```

አክስት፦ አስገባሁ። ኪራዩን 9,000፣ መብራት 640፣ ለጫኝና አውራጅ 350 ብር ጻፍኩ። 9,640 ይላል። 350ዋ የት ገባች?

የወንድም ልጅ፦ «350 ብር» ብለው ጽፈው ነዋ። ፊደል ካለበት እንደ ጽሑፍ ያየውና ይዘለዋል። ቁጥሩን ብቻ ይተዉት።

አክስት፦ 9,990! ጎበዝ። ለየብቻስ? የመብራቱን ብቻ ማወቅ ብፈልግ?

የወንድም ልጅ፦ F3 ላይ መብራት ብለው ይጻፉ፣ G3 ላይ ደግሞ፦

```
=SUMIF(B2:B200,F3,D2:D200)
```

ዓይነቱን ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይጻፉ። አንዴ መብራት፣ አንዴ ኤሌክትሪክ ካሉ አያገናኘውም።

አክስት፦ ከሱቁ ለቤት የማወጣውን ዘይትስ?

የወንድም ልጅ፦ እሱንም «ለቤት» ብለው ይመዝግቡ። ደብተርዎ ላይ አንድም ቀን አላየሁትም፣ እትዬ። ወሩ ሲያልቅ ከታች የገጹን ስም ነክተው Duplicate ይበሉ፣ በአዲሱ ቅጂ ላይ ያለውን የድሮ ዝርዝር ያጥፉ። G ላይ ያሉትን እንዳይነኩ!

አክስት፦ እሺ። ቅዳሜ መጥተህ እየው፣ ምሳም እዚሁ ትበላለህ።